«ናቹራል ነኝ» ላለህ ሰውዬ ሒሳቡን እንሥራለት

«ሰላም ወንድምዓለም። ዕድሜዬ 24 ነው፣ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ጂም ከጀመርኩ 14 ወር ሆነኝ፤ በሳምንት አራት ቀን አልቀርም። ስጀምር 63 ኪሎ ነበርኩ፣ አሁን 72 ነኝ። ቁመቴ 1.75 ነው። ጓደኞቼ ጨምረሃል ይሉኛል፤ መስታወት ፊት ስቆም ግን ያው ቀጫጫው ልጅ ነው የሚታየኝ። ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር የሚመጣ አንድ ልጅ አለ። ቁመቱ ከእኔ እኩል ነው፣ 98 ኪሎ ነኝ ይላል፣ ሆዱ ላይ ያለውን ጡንቻ አንድ በአንድ ትቆጥረዋለህ። ‹ናቹራል ነኝ፣ ዲሲፕሊን ነው› ይላል፤ መድኃኒት አልነካሁም ማለቱ ነው። እሱን አይቼ ጂም እሄዳለሁ፣ ከጂም መጥቼ እሱን አያለሁ። ለፋሲካ ጓደኞቼ ሶደሬ እንሂድ ሲሉኝ አመመኝ ብዬ ቀረሁ፤ እውነቱን ለመናገር ልብስ ማውለቅ አስጠልቶኝ ነው። አሁን ደግሞ ጂም ውስጥ አንድ ሰውዬ ‹በሳምንት አንድ መርፌ፣ በሦስት ወር ሌላ ሰው ትሆናለህ› አለኝ። ሳትደብቅ ንገረኝ፤ ምንድነው የጎደለኝ?»

ወንድሜ፣ ስለ መርፌው እመጣለሁ። በፊት ግን ስለ ፎቶ ላውራህ፤ ምክንያቱም አንድ ጊዜ እንዲህ ዓይነት ፎቶ ሲነሳ መብራት ይዤ ቆሜ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ፎቶ አንሺ ጓደኛዬ ረዳቱ ቀረበትና «ና እባክህ፣ መብራት ብቻ ነው የምትይዝልኝ» አለኝ። እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ደረስኩ። የሚነሳው ልጅ ቀድሞኝ መጥቷል። ጃኬት ደራርቦ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ከንፈሩ ደርቋል፣ ስታናግረው በአንድ ቃል ነው የሚመልስልህ። ያኮረፈ መስሎኝ ነበር። በኋላ ስጠይቀው ለሁለት ቀን ውኃ ከንፈሩን ከማርጠብ በላይ አልጠጣም፤ ትናንትና ደግሞ ሩዝና ማር ብቻ ሲበላ ነው የዋለው። ለምን? ውኃው ከቆዳ ሥር ይቀንሳል፣ ስኳሩ ጡንቻ ውስጥ ገብቶ ይሞላል ብሎ ነው። ይኼ ቀልድ እንዳይመስልህ። ለውድድር ብለው እንዲህ ራሳቸውን ሲያደርቁ ልባቸው የቆመ ሰዎች አሉ።

ከዚያ ጃኬቱን አወለቀ። እውነት ለመናገር አላስደነቀኝም። ጠንካራ ልጅ ነው፣ ግን ታክሲ ውስጥ አጠገብህ ቢቀመጥ ዞር ብለህ አታየውም። ከቦርሳው የላስቲክ ገመድ አወጣ። እሱን እየጎተተ፣ ፑሽ አፕ እየሠራ፣ እንደገና እየጎተተ አሥር ደቂቃ ያህል ቆየ። ደም ወደ ጡንቻው ሲገባ ክንዱ ዓይናችን እያየ አበጠ። አንተም ጂም ውስጥ ታውቀዋለህ፣ ፓምፕ የምትሉት ነው። ግማሽ ሰዓት፣ ቢበዛ ትንሽ አለፍ ብሎ ይቆያል፤ ከዚያ ይወርዳል። ቀጥሎ ዘይት ተቀባ። ጓደኛዬ የክፍሉን መብራት ሁሉ አጥፍቶ እኔን «ከራሱ በላይ ያዝ፣ ትንሽ ወደፊት» አለኝ። መብራቱ ከላይ ሲወርድበት ከእያንዳንዱ ጡንቻ ሥር ጥላ ተሠራ። ሆዱ ላይ ምንም ያልነበረው ቦታ መስመር በመስመር ሆነ። አሁን ነው የደነገጥኩት።

አንድ ነገር ግን አልረሳም። መሃል ላይ ገመድ ጠፋብንና የጣሪያውን መብራት አበራሁት። ሰውዬው ጠፋ! እዚያው ቆሟል፣ ያው ትንፋሹን ይዞ ሆዱን ጨብጧል፤ ግን ያ ሁሉ መስመር ድራሹ የለም። አጠፋሁት፣ ተመለሰ። ሲያርፍ ደረጃው ላይ ተቀመጠና ሆዱ እንደማንኛችንም ተጣጠፈ። ሲነሳ ዞረበትና ግድግዳ ያዘ። ያን ቀን አራት መቶ ገደማ ፎቶ ተነሳ። አሥራ አንዱ ተመረጠ። እነዚያን አሥራ አንድ ፎቶዎች ቀስ እያለ ለወራት ሲለጥፋቸው አየሁ፤ አንዱን «ዛሬ ጠዋት፣ ምንም ሳልዘጋጅ» ብሎ ነበር።

እስቲ ራስህ ሞክረው። መታጠቢያ ቤት ጣሪያ ላይ ካለው አምፖል ሥር ቁምና በስልክህ ተነሳ። ከዚያ ሳሎን ሄደህ ፊትህን ወደ መስኮት፣ ወደ ቀን ብርሃን አዙረህ ቁም፣ ሌላ ተነሳ። በመሃሉ ሁለት ደቂቃ አልሞላም፣ ምንም አልሠራህም፣ ምንም አልበላህም። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። አንተ ጠዋት ጠዋት ራስህን የምታየው በሁለተኛው ብርሃን ነው፤ እሱን የምታየው በመጀመሪያው ነው።

በዚህ ብቻ ግን አላታልልህም። መብራት 72 ኪሎውን 98 አያደርገውም። ስለዚህ ወደ ቁጥሩ እንምጣ፤ ቁጥሮቹን ደግሞ ራስህ ነህ የሰጠኸኝ።

ጂም ውስጥ ያሉ ሰዎች ኤፍኤፍኤምአይ የሚሉት ስሌት አለ። ስሙ ያስፈራል እንጂ ቀላል ነው። ከክብደትህ ላይ ስቡን ትቀንሳለህ፤ የቀረውን ቁመትህ በራሱ ተባዝቶ ለሚመጣው ቁጥር ታካፍላለህ። ማለትም ለቁመትህ ስንት ኪሎ ሥጋና አጥንት እንደተሸከምክ ይነግርሃል። ያንተ ቁመት በራሱ ሲባዛ 3.06 ነው። 72 ኪሎ ሆነህ ስብህ 15 በመቶ ነው እንበል፣ በሳምንት አራት ቀን ጂም ከሚሄድ ልጅ የሚጠበቅ ነው። ከስብ ውጭ ያለህ 61 ኪሎ ይሆናል። ለ3.06 ስታካፍለው 20 ይመጣል። ስትጀምር፣ በ63 ኪሎ፣ ስብህ ትንሽ አነስ ይል ነበር ብንል ቁጥርህ 17 ከምናምን ነበር። በ14 ወር ወደ ሰባት ኪሎ የሚጠጋ ከስብ ውጭ የሆነ ክብደት ጨምረሃል ማለት ነው። ሁሉም የጡንቻ ሥጋ አይደለም፣ ውኃም አለበት። ያም ሆኖ ያለ መድኃኒት ለሚሠራ ሰው የመጀመሪያው ዓመት ከሚሰጠው ጥሩው ላይ ነህ። የሚቀጥለው ዓመት የዚህን ግማሽ ብታገኝ ደስ ይበልህ። ሰውነት እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ይሰጥሃል፣ ከዚያ ይቆነጥራል።

አሁን የእሱን እንሥራለት። 98 ኪሎ፣ 1.75፣ ሆዱ ሁሉ የሚቆጠር ከሆነ ስቡ 8 በመቶ ገደማ ነው። ከስብ ውጭ 90 ኪሎ። ለ3.06 ሲካፈል ከ29 በላይ ይመጣል።

29 ምን ማለት ነው? እ.ኤ.አ. በ1995 የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ሃሪሰን ፖፕ ያለበት የአሜሪካ ተመራማሪዎች ቡድን 157 ወንድ ስፖርተኞችን ለክቶ ነበር፤ ገሚሶቹ ስቴሮይድ የሚባለውን ጡንቻ የሚያሳድግ መድኃኒት የሚወስዱ፣ ገሚሶቹ የማይወስዱ። የማይወስዱት ቁጥራቸው 25 አካባቢ ሲደርስ ይቆማል። የሚወስዱት ያንን አልፈው ይሄዳሉ፣ አንዳንዱም 30 አልፏል። 25 የብረት አጥር ነው እያልኩህ አይደለም። ስቴሮይድ ከመስፋፋቱ በፊት የነበሩ የአሜሪካ ሻምፒዮኖች አማካያቸው ከዚያ ትንሽ በለጥ ይል ነበር፤ ተፈጥሮ ያደላቸው ጥቂት ሰዎች ያልፉታል። የስብ መጠንን በዓይን መገመትም ያሳስታል። ከ25 በታች የሆነ ሁሉ መርፌ አልነካም ማለትም አይደለም። ግን 29 ሌላ ነው። ወይ 98 ኪሎ አይደለም፣ ወይ ስቡ እንደሚያሳየው አይደለም፣ ወይ ናቹራል አይደለም። ከሦስቱ አንዱ ውሸት ነው። የትኛው እንደሆነ እኔ አላውቅም፣ አንተም ማወቅ የለብህም። ብቻ ራስህን ስትለካበት የከረምክበት ሜትር የተሰበረ ነው።

አንተ ወዴት ትደርሳለህ ካልከኝ፣ ሌላ አራት አምስት ዓመት በደንብ ከሠራህ 22 ወይም 23 ላይ መድረስ ለብዙ ወንድ የሚቻል ነገር ነው። በአንተ ቁመት ይኼ 78፣ 80 ኪሎ ነው፣ ከሲታ ወገብ ያለው። ቲሸርት ለብሰህ መንገድ ላይ ስትሄድ ሰው «ይኼ ልጅ ስፖርት ይሠራል» የሚልህ ዓይነት። ቲክቶክ ላይ ግን ማንም አያይህም። ይኼን ቢመርህም ካሁኑ ብታውቀው ይሻልሃል።

«ናቹራል ነኝ» የሚለው ቃል ላይ ለምን እንደምጠራጠር አንድ ነገር ልንገርህ። በእኛ ጊዜ ቪዲዮ ቤት በር ላይ የተለጠፈው አርኖልድ ነበር የሚያቃጥለን። እሱ ስቴሮይድ መውሰዱን በኋላ ራሱ በአደባባይ ተናግሯል፤ ቢያንስ የሚሸጥልን ነገር አልነበረም። ያሁኖቹ ይሸጣሉ። ላይቨር ኪንግ የሚባለውን ጢማም አሜሪካዊ ታውቀው ይሆናል፣ ስሙ ብራያን ጆንሰን ነው። ጥሬ ጉበት እየበላሁ ነው እንዲህ የሆንኩት ይል ነበር፣ የደረቀ ጉበት በኪኒን መልክ ደግሞ ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ላይ ኢሜይሎቹ ወጡ፤ በወር ወደ 11,000 ዶላር ለእድገት ሆርሞንና ለመሰል መድኃኒቶች ሲያወጣ ነው የኖረው። ከዚያ ሸሚዙን ሳይለብስ ካሜራ ፊት ተቀምጦ «አዎ፣ ዋሽቻለሁ» አለ። ያመኑት ልጆች ግን ስንት ጉበት በልተዋል! ያንተው ልጅም ከቪዲዮው ሥር ምን እንደሚሸጥ እስቲ እየው። ፕሮግራም ነው? ፓውደር ነው? የቅናሽ ኮድ ነው? «መርፌ ወስጃለሁ» ካለ ያ ሁሉ ማን ይገዛዋል?

አሁን ወደ መርፌው። አይሠራም ብዬ ልዋሽህ አልችልም፤ ይሠራል። እንዲያውም እንዴት እንደሚሠራ ብታውቅ በራስህ ላይ መፍረድ ታቆም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ሻለንደር ባሲን የሚባሉ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር 43 ወንዶችን በአራት ቡድን ከፈሉ። ለአሥር ሳምንት ገሚሶቹ በየሳምንቱ 600 ሚሊ ግራም ቴስቶስትሮን የሚባለውን የወንድ ሆርሞን ተወጉ፣ ገሚሶቹ ምንም የሌለበት መርፌ። ከየገሚሱ ደግሞ አንዳንዱ ብረት አነሳ፣ አንዳንዱ ተቀመጠ። ያለ መድኃኒት ብረት ሲያነሱ የከረሙት ከስብ ውጭ ወደ ሁለት ኪሎ ጨመሩ። ተወግተው እጃቸውን አጣጥፈው የተቀመጡት ሦስት ኪሎ ጨመሩ። ሁለቱንም ያደረጉት ስድስት። ልብ በል፤ ሶፋ ላይ የተቀመጠው ሰው ላቡን ሲያፈስ ከከረመው በለጠ። ስለዚህ ያ ልጅ «ዲሲፕሊን ነው» ሲልህ፣ አንተን ዲሲፕሊን የለህም ማለቱ ነው፤ አንተ ደግሞ በሳምንት አራት ቀን ሳትቀር ይኼው አመንከው።

ሂሳቡን የምትከፍለው ግን በኋላ ነው። አንጎልህ ደምህ ውስጥ ያለውን ቴስቶስትሮን ዘወትር ይቆጣጠራል። ከውጭ ብዙ ሲገባ «በቃ፣ ሞልቷል» ይልና ለዘር ፍሬህ የሚልከውን ትእዛዝ ያቆማል። ሥራ የፈታ የዘር ፍሬ ይሟሽሻል፣ ዘር ማምረቱም ይቆማል። ይኼ ለማስፈራራት የተፈጠረ ወሬ አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ሳምንታዊ የ200 ሚሊ ግራም ቴስቶስትሮን መርፌን ለወንዶች የወሊድ መከላከያ ይሆን እንደሆነ አስሞክሮት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው ውጤት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ወንዶች በስድስት ወር ውስጥ በምርመራ አንድም የዘር ህዋስ አልተገኘባቸውም። ጂም ውስጥ የሚወጋው ብዙ ጊዜ ከዚያ በላይ ነው። ስታቆም አብዛኛው ሰው ይመለሳል፤ አንዳንዱ በወራት፣ አንዳንዱ ከዓመት በኋላ፣ አንዳንዱ ሙሉ በሙሉ ሳይመለስ ይቀራል። ደም መወፈሩ፣ ጥሩው ኮሌስትሮል መውረዱ፣ የልብ ጡንቻ መደደሩ፣ ጡት ማብቀሉም አለ። እዚህ ላይ አልዘረዝርልህም፤ ሐኪም ጋ ብትሄድ ያስረዳሃል።

ሰው የማያወራው የመካከሉን ጊዜ ነው። መርፌውን ስታቆም ከውጭ የሚገባው የለም፣ የራስህም ገና አልተነሳም። ለሳምንታት፣ ለወራት ባዶ ነህ። ስሜትህ ይወድቃል፣ ሴት ማየት ያስጠላሃል፣ ያ ያበጠው ክንድ ዓይንህ እያየ ይሟሟል። መስታወት ፊት አሁን እንዲህ የምትሠቃይ ልጅ ያኔ ምን የምታደርግ ይመስልሃል? ተመልሰህ ሰውዬው ጋ ነው የምትሄደው። እሱም ይኼን ያውቃል። «ሦስት ወር» ያለህ ለዚህ ነው፤ ከሦስት ወር በኋላ ያለውን አልነገረህም። ደግሞስ ብልቃጡ ውስጥ ምን እንዳለ እሱስ ያውቃል? መርፌው የማን ነው? ከአንድ ብልቃጥ ስንት ሰው ይቀዳል? ሄፓታይተስ ቢም ኤችአይቪም በዚህ መንገድ ይተላለፋሉ። በቅርቡ ወግቶህ ከሆነ፣ ሳትነግረኝ ቀርተህ ከሆነ፣ አልቆጣህም። ሄደህ የደም ምርመራ አድርግ፣ ለሐኪሙም ምን እንደወሰድክ በትክክል ንገረው። ፖሊስ አይጠራብህም።

እስካሁን ስለ እሱ ነው ያወራነው። ስለ አንተ ደግሞ አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ፣ ሶደሬ የቀረኸው።

ከሰው ጋር ራሱን ያላነጻጸረ የለም። ጂም የሚሄድ ሁሉ መስታወት ያያል፣ እኔም አያለሁ። ግን ዘጠኝ ኪሎ ጨምሮ ያው ቀጫጫ ልጅ የሚታየው፣ ይኼንንም ፈርቶ ከጓደኞቹ የሚቀር ሰው ጉዳይ ከጡንቻ ያለፈ ሊሆን ይችላል። ቅድም የጠቀስኩት ሃሪሰን ፖፕ እ.ኤ.አ. በ1993 ከባልደረቦቹ ጋር እንዲህ ዓይነት ወንዶችን ሲገልጽ የተገለበጠ አኖሬክሲያ ብሎት ነበር። አኖሬክሲያ ያለባት ልጅ አጥንቷ ወጥቶ ወፍሬያለሁ ትላለች፤ እነዚህ ደግሞ ክንዳቸው ከሰው ጭን አክሎ ኮሰስኩ ይላሉ። በኋላ ስሙ ተቀይሮ ማስል ዲስሞርፊያ ተባለ፤ አሁን በሐኪሞች መመሪያ ውስጥ ተጠቅሷል፣ ሰው የገዛ አካሉን አጣሞ ከሚያይበት ሕመም ሥር።

አለብህ እያልኩህ አይደለም። እኔ በደብዳቤ ምርመራ አልሰጥም። ግን ለሁለት ሳምንት አንድ ወረቀት ያዝና ቁጠር። በቀን ስንት ጊዜ መስታወት ወይም የስልክ ካሜራ ላይ አካልህን አየህ? የሱቅ መስታወት ላይ ክንድህን ዞር ብለህ ያየኸውም ይቆጠራል። ስለ አካልህ ያሰብክበት ጊዜ ሲደመር ስንት ይሆናል? ከሰዓት በላይ ከሆነ ልብ በለው። ሙቀት ሆኖ ሹራብ የምትደርብ ከሆነ፣ ትከሻህ እያመመህ የምታነሳ ከሆነ፣ ጂም እንዳይቀርብህ ብለህ ለቅሶ ወይም ሠርግ የምትቀር ከሆነ፣ ሰው ደህና ነህ ሲልህ ለማጽናናት ነው ብለህ የምታልፈው ከሆነ፣ ብቻህን አትታገለው። ሕክምና አለው። በንግግር የሚሰጥ ሕክምና አለ፣ ካስፈለገም ክኒን አለ፤ ሁለቱም የሚሠሩ ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል አለ፣ በሌሎች ትልልቅ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፣ የግል ክሊኒኮችም አሉ። «አማኑኤል ገባ» እያልን ስንቀልድ ስላደግን ስሙ ያሸማቅቅ ይሆናል፤ ተመላላሽ ታካሚው ግን እንደ ጥርስ ሐኪም ተሰልፎ ገብቶ፣ ተነጋግሮ፣ ወደ ሥራው የሚመለስ ሰው ነው።

መስታወቱን ጨርሰህ ተወው አልልህም፣ አታደርገውማ። አንድ ቀን ምረጥ፣ ወር በገባ የመጀመሪያው ቅዳሜ እንበል። ጠዋት ሽንት ቤት ሄደህ ስትመለስ፣ ቁርስ ሳትበላ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር ይዘህ ክንድህን፣ ደረትህን፣ ወገብህን፣ ጭንህን ለካና ጻፈው። ሚዛን ላይም ውጣ። ከዚያ ሜትሩን መሳቢያ ውስጥ ክተተው፣ እስከሚቀጥለው ወር አይውጣ። ጡንቻ በቀን አይለወጥም፤ በቀን የሚለወጠው ውኃና ብርሃን ነው፣ የአንተ ስሜት ደግሞ ከነሱ ጋር ሲወጣ ሲወርድ ይውላል። በሳምንት መካከል የሚያምርህ ከሆነ ደብተርህ ላይ ያነሳኸውን ኪሎ እይ። እሱ አይዋሽም፣ መብራትም አያጣምመውም።

ስልኩን በተመለከተ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ። ልጁን አንፎሎው ማድረግ አይበቃም፤ ሌላ አሥር እሱን የሚመስል ይመጣልሃል። ቲክቶክ የሚያየው ምን እንደወደድክ ብቻ አይደለም፣ የት ላይ ቆም እንዳልክም ነው። በንዴት ያየኸውም አይተኸዋል፤ ለእሱ ያው ነው። እንዲህ ዓይነት ቪዲዮ ሲመጣ ሳትጨርሰው ጣትህን ጫን አድርገህ Not interested የሚለውን ንካ። ሳምንት ሁለት ሳምንት አድርገው። ማታ ከጂም ስትመለስ ደግሞ ስልኩን ሳትከፍት ብላ። በጣም የምትደክምበትና ፓምፑ የሚወርድበት ሰዓት ያ ነው፤ ራስህን ከማንም ጋር የምታነጻጽርበት ሰዓት አይደለም።

የምትጾም ከሆንክ ደግሞ አንድ ነገር ላስቀድምልህ፣ በኋላ ተደናግጠህ እንዳትጽፍልኝ። ብዙ ልጆች ዓቢይ ጾም ሲገባ ሁለት ኪሎ ይወርዱና «አለቀልኝ» ይላሉ። ምግብ ሲቀንስ ጡንቻ ውስጥ የተቀመጠው ስኳር ይቀንሳል፣ እሱ ደግሞ ሦስት እጥፍ ውኃ ይዞ ነው የሚወርደው። ስለዚህ ክንድህ ሟሸሸ እንጂ አልሄደም፤ ከፋሲካ በኋላ በሳምንት ውስጥ ይመለሳል። ምስር፣ ሽሮ፣ አተር ክክ፣ ለውዝ በደንብ ብላ፣ ብረትህን አታቋርጥ፣ ክብደቱን ትንሽ ብትቀንስ ምንም አትሆንም። ለጡንቻ ብለህ ጾም ግደፍ የሚልህን ካየህ ስለ ሽሮ የሚያውቀው ነገር የለም ማለት ነው።

ጂም ውስጥ ያለው ሰውዬ እንደገና ሲጠይቅህ ረጅም ክርክር አትግጠም። «ልጅ መውለድ እፈልጋለሁ» በለው፣ ይስቃል፣ ይሄዳል። ሁለተኛ ከመጣ ጂም ቀይር፤ ብረት ሁሉም ጋ አንድ ነው።

ሶደሬን ደግሞ እናስተካክለው። ለእነዚያ ጓደኞችህ ደውልና የሚመቻችሁን ቅዳሜ ራስህ ጥራቸው። አንዱን፣ የምታምነውን፣ ለምን ፋሲካ እንደቀረህ ንገረው፤ እዚያ ስትደርሱ ሰበብ ፈልገህ መኪና ውስጥ እንዳትቀር። ልብስህን ስታወልቅ ልብህ ይመታል። አትሽሽ፣ ሆድህን አትጨብጥ፣ ፎጣ አትደርብ። ውኃው ውስጥ ግባና ቆይ። መጀመሪያ ሁሉም ሰው የሚያይህ ይመስልሃል፤ ሩብ ሰዓት፣ ግማሽ ሰዓት ሲሆነው ፍርሃቱ በራሱ እየለቀቀህ ይመጣል። ግማሹ ሰው ልጁን ዋና እያስተማረ ነው፣ ግማሹ ምግብ የታዘዘበትን ጠረጴዛ እያየ ነው። አንተም ይርብሃል። ስትመለሱ ምን እንደበላችሁ ጻፍልኝ።